ከመጨረሻው የሚጀምር ስሌት፦ የነባሩ ነጋዴ ዛቻ መቼ ይታመናል?

በአንዲት ከተማ አንድ ትልቅ መደብር ብቻ አለ እንበል። ሸማቹ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ባለመደብሩ ደህና አድርጎ ያተርፋል። አሁን ገንዘብ ያጠራቀመ ሌላ ነጋዴ እዚያው ከተማ ሁለተኛ መደብር ለመክፈት አሰበ። ነባሩ ወሬውን ሲሰማ መልእክት ላከበት፦ «በከፈትክ ማግስት ዋጋዬን ከመግዣዬ በታች አወርዳለሁ። እኔም እጎዳለሁ፤ አንተ ግን አትተርፍም።» አዲሱ ነጋዴ ምን ይሻለዋል? ብዙ ሰው የነባሩን የገንዘብ አቅም፣ ቁጣውን፣ የቃሉን ክብደት ይመዝናል። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ መደብሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ነባሩ ዛቻውን መፈጸም ራሱን ይጠቅመዋል ወይ?

ይህን ጥያቄ እስከ ጫፉ ድረስ የተከተለው ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ራይንሃርት ዜልተን ነው። ዜልተን በ1930 እ.ኤ.አ. ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በብሬስላው ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ በ1994 ከጆን ናሽና ከጆን ሃርሳኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ጨዋታ ከላይ ካለው ታሪክ ብዙም አይለይም፤ ቁጥሮቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እሱ ቁጥሮቹን በብር አላሰባቸውም፤ ለእኛ እንዲቀለን ግን ሚሊዮን ብር ናቸው እንበል።

አዲሱ ነጋዴ ካልገባ፣ ነባሩ ብቻውን ሆኖ 5 ሚሊዮን ያገኛል፤ አዲሱም ገንዘቡን ሌላ ሥራ ላይ አውሎ 1 ሚሊዮን ያገኛል። አዲሱ ገብቶ ነባሩ ገበያውን በሰላም ከተካፈለው፣ ሁለቱም 2 ሚሊዮን ያገኛሉ። ገብቶ ነባሩ የዋጋ ጦርነት ከከፈተበት ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። መጀመሪያ የሚወስነው አዲሱ ነው፦ ልግባ ወይስ ልቅር? ከገባ፣ ነባሩ ሁለተኛ ሆኖ ይወስናል፦ ልዋጋ ወይስ ልካፈል? የሁለቱ ውሳኔ በተራ የሚሰጥ መሆኑ ነው የጉዳዩ ቁልፍ።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚፈታ ሰው ከመጨረሻው ውሳኔ ይጀምራል። ስለዚህ የአዲሱን ውሳኔ ለጊዜው እንተወውና ነባሩ የሚወስንባት ሰዓት ላይ እንቁም። መደብሩ ተከፍቷል፤ ዛቻው አላስቀረውም። አሁን በነባሩ ፊት ያሉት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው። ቢዋጋ ምንም አያገኝም፤ ቢካፈል 2 ሚሊዮን ያገኛል። የ5 ሚሊዮኑ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ ቢዋጋ አይመለስለትም። ጥቅሙን የሚያሰላ ሰው ከሆነ ይካፈላል። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስና አዲሱ ነጋዴ ዘንድ እንሂድ። እሱም ይህንኑ ስሌት መሥራት ይችላል። «ከገባሁ ይካፈለኛል፤ 2 ሚሊዮን አገኛለሁ። ከቀረሁ 1 ሚሊዮን ነው» ይልና ይገባል። ነባሩ የላከው መልእክት ወረቀት ላይ የነበረውን አንድም ቁጥር አልለወጠም፤ ስለዚህ ውጤቱንም አልለወጠም።

ይህ አካሄድ ከመጨረሻ ወደ ኋላ ማሰላት ይባላል። ቀላል ቢመስልም ከእሱ በፊት የነበረው መለኪያ ያላየውን ነገር ያያል። በጆን ናሽ መለኪያ አንድ ሁኔታ የተረጋጋ ነው የሚባለው፣ ሌላው ባለበት ከጸና አንዱ ብቻውን አካሄዱን ቀይሮ የማይጠቀም ሲሆን ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ «ነባሩ እዋጋለሁ ይላል፣ አዲሱ ፈርቶ ይቀራል» የሚለውም የተረጋጋ ሁኔታ ነው። አዲሱ ዛቻውን እውነት ብሎ ከተቀበለ መቅረቱ ትክክል ነው፤ ከ0 ይልቅ 1 ይሻላልና። ነባሩም እዋጋለሁ ማለቱ አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ ማንም ስላልገባ ቃሉን እንዲፈጽም የሚጠይቀው የለም። ችግሩ ይህ መረጋጋት የቆመው ፈጽሞ በማይፈተን ቃል ላይ መሆኑ ነው። ዜልተን በ1965 ያመጣው ማሻሻያ ይህንን ቀዳዳ ዘጋው፦ አንድ ዕቅድ ተቀባይነት የሚኖረው በጨዋታው በእያንዳንዱ የውሳኔ ቦታ፣ ይደርስበታል ተብሎ በማይታሰብ ቦታ ጭምር፣ እዚያ የቆመውን ሰው የሚጠቅም ሆኖ ሲገኝ ነው። «ከገባህ እዋጋለሁ» የሚለው ዕቅድ አዲሱ ከገባበት ሰዓት ላይ ሲፈተን ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ ነባሩ ዛቻው እንዲታመን የሚያደርግበት መንገድ የለውም? አለው፤ ግን በቃል አይደለም። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚወስኑት ቁጥሮች ራሳቸው መለወጥ አለባቸው፣ ያውም አዲሱ ከመወሰኑ በፊት። እነዚያኑ ቁጥሮች ይዘን እንሞክረው። ነባሩ ዛሬ፣ ማንም ሳይመጣበት፣ 2 ሚሊዮን ተኩል አውጥቶ ትልቅ መጋዘንና ተጨማሪ የማከፋፈያ መኪናዎች አዘጋጀ እንበል። ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ነው፤ ገንዘቡን የሚመልሰው በዋጋ ጦርነት ወቅት ብዙ ዕቃ ሲሸጥበት ብቻ ነው። አሁን አዲሱ ከገባና ነባሩ ከተካፈለ፣ ከ2 ሚሊዮኑ ላይ 2 ሚሊዮን ተኩሉ ሲቀነስ ግማሽ ሚሊዮን ይከስራል። ከተዋጋ ግን ወጪው ስለሚመለስለት እንደ ቀድሞው 0 ላይ ይቆማል። ከኪሳራ 0 ይሻላልና አሁን መዋጋት ይጠቅመዋል። አዲሱም ይህን አስልቶ ይቀራል፤ 1 ሚሊዮኑን ሌላ ቦታ ይሠራል። ነባሩ ከ5 ሚሊዮኑ መጋዘኑን ሲቀንስ 2 ሚሊዮን ተኩል ይቀረዋል፤ ሳይገነባ ቢቀር ከሚያገኘው 2 ሚሊዮን ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ሲታይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። ነባሩ የተጠቀመው የራሱን የሰላም መንገድ በገዛ እጁ በማበላሸት ነው። ቶማስ ሼሊንግ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ደጋግሞ የጠቆመው ይህን ነው፦ በድርድርና በፉክክር ውስጥ ምርጫን ማጥበብ ኃይል ሊሆን ይችላል። ወጪው ግን ልክ አለው። በእኛ ቁጥሮች ከ2 ሚሊዮን በታች ከሆነ መካፈሉ አሁንም ያዋጣዋልና ዛቻው ባዶ ይሆናል፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ከሆነ ደግሞ ገበያውን ማስጠበቁ ራሱ ያከስረዋል። ሁለት ሁኔታዎችም መሟላት አለባቸው። ወጪው ለተፎካካሪው መታየት አለበት፤ ያልታየ መጋዘን ማንንም አያስፈራም። ሊመለስ የማይችልም መሆን አለበት። ነባሩ መኪናዎቹን በማግስቱ በገዛበት ዋጋ መሸጥ የሚችል ከሆነ፣ አዲሱ «ስገባ ሸጦ ይካፈለኛል» ብሎ ይገባል። ስለዚህ የትልቅ ኩባንያን ዛቻ የሚመረምር ሰው ከመግለጫው ይልቅ ንብረቱን ቢያይ ይሻለዋል፦ ቀድሞ የወጣ፣ መልሶ የማይገኝ፣ በጦርነት ጊዜ ብቻ የሚጠቅም ምን አለው?

እስካሁን ያለው ስሌት የሚያረካ ነው። ዜልተንን እንቅልፍ የነሳው ግን ቀጣዩ ጥያቄ ነበር። ነባሩ አንድ መደብር ብቻ ሳይሆን በ20 ከተሞች ውስጥ 20 መደብሮች ቢኖሩትስ? በየከተማው አንድ አንድ አዲስ ነጋዴ አለ፤ ተራ በተራ ይወስናሉ፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት በነበሩት ከተሞች የሆነውን አይቷል። የማንኛችንም የመጀመሪያ ስሜት አንድ ነው፦ ነባሩ በመጀመሪያዎቹ ከተሞች ተዋግቶ የቀሩትን ያስፈራል። በአንድ ከተማ ኪሳራ በአሥራ ዘጠኝ ከተሞች ሰላም መግዛት ነው።

ከመጨረሻው ስንጀምር ግን ይህ ሐሳብ ይፈርሳል። ሃያኛው ከተማ ላይ ነባሩ ተዋግቶ የሚያስፈራው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ያ ከተማ ከላይ እንዳየነው አንድ ከተማ ነው፦ አዲሱ ይገባል፣ ነባሩ ይካፈላል። ወደ አሥራ ዘጠነኛው እንመለስ። ነባሩ እዚህ ቢዋጋ የሃያኛውን ነጋዴ ማስፈራት ይችላል? አይችልም፤ በሃያኛው የሚሆነው አስቀድሞ ታውቋል። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛውም መዋጋት ኪሳራ ብቻ ነው፤ ይካፈላል። አሥራ ስምንተኛውም እንዲሁ። ክሩ እየተተረተረ እስከ መጀመሪያው ከተማ ይደርሳል። ሃያውም ነጋዴዎች ይገባሉ፤ ነባሩ ሃያውንም ይካፈላል፤ በአንድ ከተማ 2 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 40 ሚሊዮን ያገኛል። በስሌቱ ውስጥ አንድም የተሳሳተ እርምጃ የለም።

ዜልተን ራሱ ግን አላመነውም። በጽሑፉ ላይ እሱ በነባሩ ቦታ ቢሆን ይህን ስሌት እንደማይከተል፣ ከመዋጋት እንደሚጀምር በግልጽ አስፍሯል። ያነጋገራቸው በሒሳብ የሠለጠኑ ሰዎችም ማረጋገጫው ትክክል መሆኑን ሲቀበሉ፣ በተግባር ግን እንደማይመሩበት ነገሩት። ምክንያታቸውን ማየት ከባድ አይደለም። ነባሩ በመጀመሪያዎቹ 17 ከተሞች የገባውን ሁሉ ለመዋጋት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ግን ለመካፈል ወሰነ እንበል። ከ17ቱ ነጋዴዎች 10ሩ ደፍረው ቢገቡ፣ በእነዚያ 10 ከተሞች ምንም አያገኝም። በቀሩት 7 ከተሞች ግን ብቻውን ሆኖ 35 ሚሊዮን፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ደግሞ 6 ሚሊዮን ያገኛል። ድምሩ 41 ነው፤ ከ40 ይበልጣል። ከአሥር ያነሱ ከገቡማ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዜልተን ይህን የሰንሰለት መደብር እንቆቅልሽ አለው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ሐቀኝነት ነው፦ የራሱን መሣሪያ እስከ መጨረሻው ተጠቅሞ፣ ያደረሰው ቦታ ከሰው ጠባይ ጋር እንደማይገጥም በገዛ ብዕሩ መጻፉ።

መልስ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1982 ዴቪድ ክሬፕስና ሮበርት ዊልሰን በአንድ ጽሑፍ፣ ፖል ሚልግሮምና ጆን ሮበርትስ በሌላ ጽሑፍ፣ ስሌቱ የተመረኮዘበትን አንድ ዝምተኛ ግምት አወጡ። ዜልተን የሚያሰላው ነባሩ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚከስር ሁሉም በእርግጠኝነት እንደሚያውቅ ቆጥሮ ነው። እርግጠኝነቱ ትንሽ ቢነቃነቅስ? ምናልባት ይህ ነባር እልኸኛ ነው፤ ተፎካካሪ ሲያይ ጥቅሙን ትቶ የሚዋጋ ዓይነት። ወይም የዕቃው መግዣ ከሚወራው በጣም የረከሰ ስለሆነ መዋጋት በእውነት ያዋጣዋል። የዚህ ዕድል ከመቶ አንድ ብቻ ነው እንበል።

በአንድ ከተማ ብቻ ከመቶ አንድ ዋጋ የለውም። አዲሱ ሲገባ ወይ 2 ሚሊዮን ወይ 0 ያገኛል፤ ቢቀር 1 ሚሊዮን አለው። ስለዚህ የሚቀረው የመዋጋቱ ዕድል ከግማሽ በላይ ሆኖ ሲታየው ነው። ሁለት ከተሞች ሲቀሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን ጥቅሙን የሚያሰላው ነባርም እልኸኛ ለመምሰል ምክንያት አገኘ፤ ዛሬ ቢዋጋ ነገ የሚመጣው ሰው ሊጠራጠር ይችላል። ዘወትር ከተዋጋ ደግሞ መዋጋቱ ምንም አይነግርም፤ ፈጽሞ ካልተዋጋ የተዋጋው ሁሉ እልኸኛ መሆኑ ይታወቃል። ሚዛኑ የሚገኘው በመሃል ነው፦ ውጊያ ያየው የመጨረሻው ነጋዴ «እልኸኛ የመሆኑ ዕድል ግማሽ ነው» እንዲል በሚያደርግ መጠን ይዋጋል። ይህ ማለት ጠቅላላ የመዋጋት ዕድል ከመነሻው ጥርጣሬ በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ነጋዴ ለማስቀረት የግማሽ ጥርጣሬ አያስፈልግም፤ ሩብ ይበቃል። ሦስት ከተሞች ሲቀሩ አንድ ስምንተኛ፣ አራት ሲቀሩ አንድ አሥራ ስድስተኛ እያለ በየከተማው በግማሽ ይቀንሳል።

ሰባት ከተሞች ሲቀሩ የሚያስፈልገው ጥርጣሬ ከ128 አንድ ይሆናል። ከመቶ አንድ ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ በ20ው ከተሞች ሰንሰለት ከአንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ ቢገቡ ውጊያ እንደሚጠብቃቸው አስልተው ይቀራሉ። ነባሩ ከእነዚህ ብቻ 70 ሚሊዮን ያገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ከተሞች ላይ ነው ስሙ መሸርሸር የሚጀምረው። ከ20 ከተሞች የመጀመሪያውን ነጋዴ ለማስቀረትማ ከሚሊዮን አንድ ገደማ የሆነ ጥርጣሬ ይበቃል። አስተውሉ፦ ከመጨረሻ ወደ ኋላ የማሰላቱ ዘዴ አልተጣለም፤ ይህም መልስ የተገኘው በእሱ ነው። የተለወጠው ሰዎቹ አንዱ ስለ ሌላው ያላቸው ዕውቀት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትልቁ ነገር ዛቻን ባዶ የሚያደርገውና የሚሞላው ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ነው፦ አንድ ከተማና ሙሉ እርግጠኝነት ባለበት ዛቻ ነፋስ ነው፤ ብዙ ከተሞችና ቅንጣት ጥርጣሬ ባሉበት ደግሞ ያው ዛቻ በር ይዘጋል።

ይህ ጉዳይ ከወረቀት ወጥቶ ፍርድ ቤት የደረሰበት አንድ ጊዜ አለ። የአሜሪካን አየር መንገድ ዋና ማዕከሉ ቴክሳስ ውስጥ ያለው የዳላስ ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከአንድ ማዕከል ወደ ብዙ ከተሞች የሚወጡት መስመሮች የዜልተን ከተሞች ማለት ናቸው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ አነስተኛ ርካሽ አየር መንገድ ልግባ ልቅር ሊል ይችላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቫንጋርድ፣ ሰን ጄትና ዌስተርን ፓሲፊክ የተባሉ ትንንሽ ኩባንያዎች ገቡ። ቫንጋርድ ከዳላስ ወደ ዊቺታ፣ ካንሳስ በርካሽ ማብረር የጀመረው በ1995 ነው። የአሜሪካን አየር መንገድ በዚያ መስመር ላይ ቀደም ሲል ጄቶቹን አንሥቶ በእህት ኩባንያው ትንንሽ አውሮፕላኖች ተክቷቸው ነበር። በ1996 ጄቶቹን መለሰ፤ ዋጋውንም ከቫንጋርድ እኩል አወረደ። ቫንጋርድ በዚያው ዓመት መጨረሻ መስመሩን ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው ተመልሶ ወጣ።

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1999 ከሰሰው። ክሱ ከዜልተን ሃያ ከተሞች ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ያለው፣ ኩባንያው በአራት መስመሮች ላይ ጥቅሙን አሳልፎ የሰጠው ለእነዚያ መስመሮች ብቻ ብሎ ሳይሆን፣ ከዳላስ በሚነሡ ሌሎች መስመሮች ላይ ለመግባት የሚያስቡትን ሁሉ የሚያስፈራ ስም ለማትረፍ ነው። ኩባንያው በበኩሉ የተፎካካሪን ዋጋ ማስተካከልና በረራ መጨመር ተራ ውድድር ነው ሲል ተከራከረ። በ2001 የካንሳስ ፌዴራል ዳኛ ክሱን ያለ ሙሉ ችሎት ዘጉት፤ በ2003 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። ዋናው ምክንያት ኩባንያው ከወጪው በታች መሸጡን መንግሥት ማስረዳት አለመቻሉ ነበር።

የሕጉ መለኪያ የሚያየው በአንድ መስመር ላይ ያለውን ዋጋና ወጪ ነው። የክሬፕስና የዊልሰን ስሌት ደግሞ ትርፉ የሚገኘው ውጊያ በሌለባቸው፣ ማንም ባልገባባቸው መስመሮች እንደሆነ ይነግረናል። ያልገባ ኩባንያ ደረሰኝ የለውም፤ ለምን እንዳልገባም መዝገብ አይጠየቅም። ፈርቶ ይሁን ወይም መስመሩ ስለማያዋጣ ይሁን ከውጭ ለሚያይ አንድ ነው የሚመስለው። በተጨማሪም በአየር መንገድ ሥራ ውስጥ ሃያኛው ከተማ የለም። ማንም የመጨረሻው ተፎካካሪ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ስሌቱን ወደ ኋላ ለመጀመር የሚቆምበት ጫፍ አይገኝም። ለዚህ ነው የአሜሪካን አየር መንገድ በዊቺታ ያደረገው ነገር ቀናተኛ ውድድር ወይም የተሰላ ማስፈራሪያ መሆኑ ላይ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እስካሁን የሚከራከሩት። የስሙ ስሌት ከያዘ፣ በዊቺታ ጄቶቹን የመመለሱ ወጪ ዳኞቹ ባዩት መዝገብ የዊቺታ ሒሳብ ላይ ይጻፋል፤ ገቢው ግን ቫንጋርድ ሞክሮት በማያውቅ መስመር ላይ፣ ባልወረደ የቲኬት ዋጋ ውስጥ ይቀመጣል።